የሠርግ ልብስ፣ የሰባት ቀን ስህተትና አንድ የይቅርታ ደብዳቤ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከሰዓት በኋላ ከፍራንክፈርት አጭር መልእክት መጣ። የሙሽራዋ እናት ናቸው። «ልጄ፣ ዛሬ ነው የተባባልነው። ልብሱ የት ደረሰ?» ይላል።

መጀመሪያ የተሰማኝ ድንጋጤ ሳይሆን መገረም ነበር። በትዕዛዝ መዝገባችን ላይ በራሴ እጅ «የሚደርስበት ቀን፦ ሐምሌ 12፣ ሠርግ፦ ሐምሌ 26» ብዬ ጽፌያለሁ። ገና አንድ ሳምንት ይቀረናል ብዬ ልመልስላቸው ስል ግንቦት ላይ የላኩልኝን የድምፅ መልእክት ፈልጌ አዳመጥኩት። «ጁላይ አሥራ ሁለት እንዲደርስልኝ፤ ሠርጉ ጁላይ ሃያ ስድስት ነው» ይላሉ። እሳቸው ጁላይ አሉ፣ እኔ ሐምሌ ብዬ ጻፍኩ። ጁላይ 12 ማለት ሐምሌ 5 ነው። ዛሬ ማለት ነው።

ሠርጉ እንግዲህ ሐምሌ 19፣ የገብርኤል ዕለት ነው። አሥራ አራት ቀን ቀርቶታል።

ስህተቱ ሁለት ወር ሙሉ ያልተያዘበት ምክንያት አስገረመኝ። የፈረንጆቹ ጁላይ 8 ሁልጊዜ ሐምሌ 1 ላይ ይውላል፤ ልዩነቱ ልክ ሰባት ቀን ነው። ስለዚህ ጁላይ 26 ቅዳሜ ከሆነ ሐምሌ 26 ደግሞ ቅዳሜ ነው። መዝገቡ ላይ «ቅዳሜ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ የቀን መቁጠሪያውን ሳየውም ቅዳሜ ነበር። ሁለቱም ቀኖች ከጾመ ሐዋርያት ፍቺ በኋላና ከፍልሰታ በፊት ስለሚውሉ «በዚህ ቀን እንዴት ይደገሳል?» የሚል ጥያቄም አላስነሳም። ሰኔም እንደዚሁ ነው፤ ከጁን ጋር የሰባት ቀን ልዩነት አለው። የካቲትም ብዙውን ጊዜ ከፌብሩዋሪ ጋር እንዲሁ ነው። በሌሎቹ ወራት የቀኑ ስም ስለማይገጥም ስህተቱ ራሱን ያጋልጥ ነበር።

ትዕዛዙ ይህ ነው፦ አንድ የሙሽራ ቀሚስ፣ አምስት የሚዜ ቀሚሶች፣ ሁለት የእናቶች ቀሚሶች፣ አንድ የሙሽራው ሸሚዝና ነጠላዎቻቸው። ዋጋው 177,000 ብር ሲሆን ግማሹ 88,500 ብር በቀብድ ተከፍሏል።

አሁን ያለንበት፦ የእናቶቹ ቀሚሶችና ሸሚዙ አልቀዋል። ሦስት የሚዜ ቀሚሶች ተሰፍተው ገበር ይቀራቸዋል። የሙሽራዋ ቀሚስ ጥልፉ ከግማሽ በላይ ሄዷል። ሁለት የሚዜ ቀሚሶች ግን ገና ድራቸው እንደተዘረጋ ነው።

ለታላቅ እህቴ ደወልኩ። የሱቁን ሒሳብ የምትይዘው እሷ ናት። «ምን ልበላቸው?» ስላት «ቀን አትስጣቸው» አለች። «ዛሬ ደውለህ እንደዘገየን፣ ጥፋቱ የእኛ እንደሆነ ንገራቸው። ነገ በዚህ ሰዓት ትክክለኛውን ቀን በጽሑፍ እልካለሁ በል። ደንግጠህ የምትሰጠውን ቀን ኋላ መብላት አትችልም።»

ደወልኩ። ስልኩ ላይ የነበረው ዝምታ ከስድብ ይከብዳል። «ልጄ፣ ሁለት ሳምንት አስቀድሜ ያልኩት ለልክ ነበር እኮ» ብቻ አሉ። ነገ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት፣ በፍራንክፈርት ሰዓት፣ ደብዳቤ እንደሚደርሳቸው ነገርኳቸው። ሰዓቱንም ማብራራት ነበረብኝ፤ በአንድ ቀን ሁለተኛ የቁጥር ስህተት አልፈልግም።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ጠዋት የመጀመሪያውን ረቂቅ ጻፍኩ። እንዲህ ይጀምር ነበር፦

«በቅድሚያ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ከአቅማችን በላይ በሆነ ምክንያት፣ በተለይም በክረምቱ ዝናብ፣ በመብራት መቆራረጥና በቀን አቆጣጠር ልዩነት የተነሳ ትዕዛዝዎ መጠነኛ መዘግየት አጋጥሞታል። በቅርቡ እንደምናደርስ እያረጋገጥን፣ እንደ እናትነትዎ ይቅርታ እንደሚያደርጉልን ተስፋ እናደርጋለን።»

እህቴ አነበበችና እርሳስ አነሳች። «ከአቅማችን በላይ» የሚለውን ሰረዘች። ቀን አሳስቶ መጻፍ ከአቅም በላይ አይደለም። «የቀን አቆጣጠር ልዩነት» የሚለውንም ሰረዘች፤ አቆጣጠሩ ያጠፋ ያስመስላል፣ ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ። «መጠነኛ» ያለው ማን ነው? መጠኑን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። «በቅርቡ» ቀን አይደለም። «እንደ እናትነትዎ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። «ልብስ አዘገየህባቸው፤ አሁን ደግሞ ይቅር የማለት ሥራ ልትሰጣቸው ነው?» አለች።

ከዚያ የከበደኝ ጥያቄ መጣ። «ቀኑን በሰባት ቀን ተሳስተሃል። እሺ። ግን በአንተ መዝገብ መሠረት እንኳ ነገ ሰኞ መላክ ነበረብን። ሁለቱ ቀሚሶች ለምን አልተሸመኑም?»

እውነቷን ነው። ይህ ከቀን አቆጣጠር ጋር አይገናኝም። የጥለቱን አረንጓዴ ክር መጀመሪያ የገዛነው ለሦስት ቀሚስ የሚበቃ ያህል ብቻ ነበር፤ ገንዘብ ላለማሰር ብዬ። ሰኔ 30 ቀን አለቀ። ከመርካቶ ያመጣነው አዲሱ ክር በሱቁ መብራት ሥር አንድ ዓይነት ይመስላል። ሸማኔው አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል ከሸመነ በኋላ ደጅ አውጥተን ከፊተኛው ጎን ስናስተያየው ግን ወደ ሰማያዊ ያደላል። የተነከረበት ጊዜ የተለያየ ነው። ፈታነው። የመጀመሪያውን ዓይነት ክር በሦስተኛው ሱቅ ያገኘነው ሐሙስ ሐምሌ 3 ነው። ሦስት ቀን በዚያ ሄደ።

ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ሁለት ጥፋት ይጻፋል እንጂ አንድ አይደለም። የመጀመሪያውን ብቻ ብንጽፍ ሁሉም ነገር የሚያስቅ የጁላይና የሐምሌ ታሪክ ሆኖ ይቀር ነበር። እውነት ለመናገር እኔም የፈለግኩት ያንን ነበር።

ከዚያ ቀኑን ማስላት። እኔ በመጀመሪያ ያሰብኩት ጁላይ 18 ነበር፤ ምክንያቱም ጥሩ ይመስላል፣ ለሠርጉ ስምንት ቀን ይተርፋል። እህቴ ወረቀቱን ገልብጣ ከእያንዳንዱ ቀሚስ ጎን የቀረውን ሥራ አስጻፈችኝ። የሙሽራዋ ጥልፍ አንድ ቀን ተኩል፣ መብራት ከጠፋ ሁለት ቀን። የሚዜዎቹ ገበር አንድ ቀን። ከጥልፍ በኋላ የንድፉን ምልክት ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መተኮስ፤ በሐምሌ ይህ ብቻውን አንድ ቀን ይበላል። ከዚያ ፈጣን መልእክት ወደ ጀርመን አብዛኛውን ጊዜ አራት የሥራ ቀን ይወስዳል፤ በመካከሉ ቅዳሜና እሑድ አለ። ይህን ስንደምር ማክሰኞ ተልኮ ሰኞ ይደርሳል። ሰኞ ጁላይ 21 ነው። ጁላይ 18 ከወረቀቱ ላይ ጠፋ።

ሁለቱ ያልተሸመኑት ቀሚሶች ከዚህ ጋር አይደርሱም። ሙሉ ጨርቃቸውን እስከ ጥለታቸው ብንሸምን እስከ ረቡዕ ማታ ነው፤ ስፌቱ ሐሙስና ዓርብ፣ መላኪያው ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ። በዚህ ስሌት ሠርጉ ዋዜማ ላይ ይደርሳል ወይም አይደርስም። ሌላው መንገድ ጥለቱን ብቻ ለብቻው መሸመንና በእጃችን ባለው ነጭ ፈትል ላይ መስፋት ነው። ሁለት ቀን ይቆጥባል። ስፌቱ በጥልፍ መስመር ስለሚሸፈን ከፊት አይታይም፤ ከውስጥ ግን ገልብጦ ያየ ሰው ይለየዋል። ሲታጠብም ጥለቱና ጨርቁ እኩል ላይሰበሰቡ ይችላሉ። ይህን ሳንነግራቸው ማድረግ ይቻል ነበር። በፎቶግራፍ ማንም አያውቅም። እህቴ ግን ምርጫው የእሳቸው ይሁን አለች፤ እኔም አልተከራከርኩም።

የካሣውን ነገር ስንነጋገር ደግሞ እኔ ወደ ሌላኛው ጽንፍ ሄድኩ። መላኪያውን እንከፍላለን፣ የጀርመኑን ታክስ እንከፍላለን፣ ቀሪውን ክፍያ በግማሽ እንቀንሳለን አልኩ። እህቴ ደመረችው። የጀርመን የገቢ ዕቃ ታክስ 19 በመቶ ነው፤ በዚህ ትዕዛዝ ላይ ብቻ ከ200 ዩሮ ይበልጣል። «ይህ ካሣ አይደለም፣ ድንጋጤ ነው» አለች። «የጎዳናቸውን ቁጠር። ሁለት ሳምንት የልክ ጊዜ ወስደንባቸዋል። እሱን እንመልስ።»

የልክ ጊዜ በገንዘብ አይመለስም፤ በአካባቢያቸው ግን ልብስ ሰፊ አለ። በየጎኑ ሦስት ሳንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ ብንተው ሰፊው አንድ ከሰዓት ውስጥ ሊያሰፋ ወይም ሊያጠብ ይችላል። የሰፊውን ዋጋ እኛ እንችላለን። ይህ ሐሳብ ከግማሽ ቅናሽ ይረክሳል፤ ለእሳቸው ግን የበለጠ ይጠቅማል።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በዋትሳፕ የተላከው ደብዳቤ እነሆ፦

«የተከበሩ እትዬ፣

ልብሱ ትናንት በእጅዎ መሆን ነበረበት፤ አልሆነም። ጥፋቱ የእኛ ነው። ጁላይ 12 ያሉንን ሐምሌ 12 ብዬ መዝግቤአለሁ። ከዚህ በተጨማሪ የጥለቱን ክር በአንድ ጊዜ ባለመግዛታችን ሦስት ቀን አባክነናል። ለልክ ያሰቡት ሁለት ሳምንት በዚህ ምክንያት አንሷል። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አዲሱ ቀን ይህ ነው። የሙሽራዋ ቀሚስ፣ ሦስቱ የሚዜ ቀሚሶች፣ የእናቶች ቀሚሶችና ሸሚዙ ማክሰኞ ሐምሌ 8 (ጁላይ 15) ከአዲስ አበባ ተልከው ቢዘገዩ ሰኞ ሐምሌ 14 (ጁላይ 21) ቤትዎ ይደርሳሉ። የቀሩት ሁለት የሚዜ ቀሚሶች ሐሙስ ሐምሌ 10 (ጁላይ 17) ተልከው ቢዘገዩ ረቡዕ ሐምሌ 16 (ጁላይ 23) ይደርሳሉ።

ለሁለተኛው ቀን አንድ ምርጫ እንፈልጋለን። በዚህ ቀን የሚደርሱት ጥለታቸው ለብቻው ተሸምኖ ከተሰፋ ብቻ ነው። ከፊት አይለይም፤ ከውስጥ ስፌቱ ይታያል፤ የሚታጠቡትም በቀዝቃዛ ውኃ በእጅ ነው። ከተስማሙ ከእያንዳንዱ 3,000 ብር እንቀንሳለን። እንደ ሌሎቹ ሙሉ ሽመና ይሁን ካሉ ግን ከሠርጉ በፊት እንደሚደርስ ቃል ልገባ አልችልም። እስከ ነገ ጠዋት ቢያሳውቁን ሥራውን እንጀምራለን።

የሁለቱም ጊዜ ፈጣን መላኪያ በእኛ ነው። በሁሉም ቀሚሶች ጎን ሦስት ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይኖራል፤ በአካባቢዎ ለሚያስተካክል ልብስ ሰፊ እስከ 80 ዩሮ ከቀሪው ክፍያ እንቀንሳለን። ይህና የሁለቱ ቀሚሶች ቅናሽ ሲደመሩ ቀሪው 88,500 ብር ወደ 70,000 ብር ይወርዳል። እሱንም የሚከፍሉት ሁሉም ልብስ ከደረሰዎት በኋላ ነው። የጀርመን 19 በመቶ ታክስ እንደ ቀድሞው በእርስዎ በኩል ነው፤ የመክፈያው መልእክት ከመላኪያ ድርጅቱ ሲደርስዎ ቶሎ ቢከፈል ዕቃው አይቆምም።

ማክሰኞና ሐሙስ ማታ የክትትል ቁጥሩን እልካለሁ። እስከዚያው በማንኛውም ሰዓት ቢደውሉ አነሳለሁ።»

ማታ 2 ሰዓት ላይ መለሱ። «ጥለቱ ይሰፋ። ሚዜዎቹ አንድ መምሰል አለባቸው። ቀኑን ግን እንደ ቃልህ።» ደብዳቤው ጥሩ ነው አላሉም፤ እንዲሉም አልጠበቅኩም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ሁለት ሸማኔዎች ጥለቱን ብቻ ጀመሩ። ድሩ ጠባብ ስለሆነ መወርወሪያው ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል፤ እስከ ምሳ ግማሹን አልፈዋል። ክሩን በየጊዜው ደጅ አውጥቼ ከአሮጌው ጎን አስተያያለሁ። አንዱ ሸማኔ «ዛሬስ ፀሐይም የለም፣ ምን ታያለህ?» ብሎ ሳቀብኝ። የደመነ ሰማይ ብርሃን ግን ለቀለም ከፀሐይ ይሻላል፤ አያብረቀርቅም።

ከሰዓት በኋላ መብራት ሁለት ሰዓት ተኩል ጠፋ። የጥልፍ ማሽኑ ቆመ። በስሌቱ ውስጥ አስገብተነው ስለነበር ማንም አልጮኸም። ጁላይ 18 ብዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሁለተኛ የይቅርታ ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ጥልፉ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ አለቀ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

የሙሽራዋን ቀሚስ ምልክት ጠዋት አጠብን። ችግሩ መድረቁ ነው። በሁለት ማራገቢያ መካከል ሰቀልነው፤ በአራት ሰዓት ውስጥ ጨርቁ ደረቀ፤ ጥልፉ ግን ከውስጥ እርጥበት ይዞ ይቀራል። በእጅ ሲነኩት ደረቅ ይመስላል። ማወቂያው ቀላል ነው፦ የጥልፉን ክፍል በንጹሕ ላስቲክ ከረጢት አስገብቶ ለግማሽ ሰዓት ሞቅ ያለ ቦታ ማስቀመጥ። ላስቲኩ ከውስጥ ጤዛ ካወጣ አልደረቀም። አወጣ። ከጀርባው በንጹሕ ጨርቅ ላይ በቀስታ ተኮስነው፤ በሁለተኛው ሙከራ ላስቲኩ ጥርት ብሎ ወጣ። እርጥብ ልብስ ተጣጥፎ አምስት ቀን ካርቶን ውስጥ ቢቀመጥ ቢጫ ነጠብጣብና ሽታ ይዞ ይደርሳል፤ ያኔ ቀኑን ማክበሩ ምንም አይጠቅም።

ሁለተኛው ችግር ካርቶኑ። በመጀመሪያ ያሸግነው 60 በ40 በ35 ሳንቲ ሜትር በሆነ ካርቶን ነበር። ክብደቱ 7.2 ኪሎ ነው። የፈጣን መልእክት ድርጅቶች ግን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታውን አባዝተው ለ5,000 ያካፍሉና ከሁለቱ የሚበልጠውን ያስከፍላሉ። ያ ካርቶን 16.8 ኪሎ ሆኖ ተቆጠረ፤ 31,000 ብር ጠየቁኝ። ግማሹ ክፍያ ለአየር ነው። መልሼ ወሰድኩት። የእናቶቹን ቀሚሶችና ነጠላዎቹን ከታች ዘርግተን፣ የሙሽራዋን ጥልፉ ወደ ውጭ እንዲሆን በስስ ወረቀት ላይ ጠቅልለን 50 በ40 በ20 ካርቶን ውስጥ ከተትነው። ስምንት ኪሎ ሆነ፤ 19,400 ብር። አየሩን በማሽን መጥጦ ማውጣትም ይቻላል፤ ጥልፉን ግን ይጨፈልቀዋል፤ ከዚያ በኋላ መተኮስም አያነሳውም።

ሦስተኛው ችግር ኢንቮይሱ። እኔ የጻፍኩት «የባህል ልብስ፣ 7 ፍሬ» ብቻ ነበር። የመላኪያዋ ሠራተኛ መለሰችልኝ። ጉምሩክ የሚያውቀው ባህልን ሳይሆን የምን ክር፣ የተሸመነ ወይስ እንደ ሹራብ የተሠራ፣ የወንድ ወይስ የሴት፣ ስንት፣ የእያንዳንዱ ዋጋ የሚለውን ነው። እንደገና ጻፍኩ፤ ለተሸመነ የሴት ጥጥ ቀሚስ መለያው 6204.42፣ ለወንድ ጥጥ ሸሚዝ 6205.20 ነው። ከኋላዬ የቆመ ሰው «ስጦታ ብለህ ጻፈው፣ ይቀልሃል» አለኝ። የስጦታው ነፃ መብት በግለሰቦች መካከል እስከ 45 ዩሮ ብቻ ነው፤ የእኛ ደግሞ ስጦታ አይደለም፤ የሠርግ ልብስ በሐሰት ወረቀት ተይዞ ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ሲቀር አሰብኩ። አንድ ያተረፍኩት ነገር አለ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ ልብስ ወደ አውሮፓ ኅብረት ከቀረጥ ነፃ የመግባት መብት አለው፤ ከ6,000 ዩሮ በታች ለሆነ ጭነት ላኪው የመነሻ አገር መግለጫውን ራሱ ኢንቮይሱ ላይ መጻፍ ይችላል። ካልተጻፈ በልብስ ላይ 12 በመቶ ቀረጥ ይመጣ ነበር፤ ለእሳቸው ደግሞ ያልነገርኳቸው ተጨማሪ ወጪ።

መስኮቱ የሚዘጋው 11 ሰዓት ነው። ከሃያ ደቂቃ በፊት ጨረስኩ። ማታ የክትትል ቁጥሩንና የካርቶኑን ፎቶግራፍ ላክሁ። «እሺ» አሉ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ሁለቱ ቀሚሶች ትናንት ማታ ተሰፉ። የጥለቱ መጋጠሚያ ላይ የሄደው የጥልፍ መስመር በአንዱ ቀሚስ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ዘንበል ብሎ ነበር፤ አስፈታሁት። ልብስ ሰፊው «ማንም አያየውም» አለ። ከአራት ሜትር ማንም አያየውም፤ እሳቸው ግን መጋጠሚያው እንዳለ ስለሚያውቁ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ግማሽ ቀን ወሰደ። ሁለተኛው ጭነት 9,800 ብር ተከፍሎበት ተላከ።

ሒሳቡን አየሁት፦ ሁለቱ መላኪያዎች 29,200፣ የሰፊው 12,500፣ የቅናሹ 6,000። ድምሩ 47,700 ብር። ከዚህ ትዕዛዝ አገኛለሁ ብዬ ያሰብኩት ትርፍ 52,000 ነበር። ክሩን በአንድ ጊዜ ለመግዛት የሚያስፈልገኝ ተጨማሪ ገንዘብ 2,100 ብር ነበር።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

የመጀመሪያው ዓርብ ጀርመን ገብቷል። የታክሱ መልእክት የዚያኑ ዕለት ስለደረሳቸው ወዲያው ከፍለዋል፤ ደብዳቤው ላይ ያ መስመር ባይኖር ኖሮ እንደ ማጭበርበሪያ መልእክት ይዘሉት እንደነበር በስልክ ነገሩኝ። ዛሬ ከቀትር በኋላ ደረሰ። የሙሽራዋ ቀሚስ ወገቡ ላይ ይጠባል። ትርፉ ጨርቅ ይበቃዋል፤ ነገ ሰፊው ጋር ይወስዱታል። በስልኩ ውስጥ ከኋላ የሴቶች ድምፅ ይሰማ ነበር፤ እልልታ ግን አልነበረም፤ ሁለት ቀሚስ ገና ይቀራል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ረቡዕ ይደርሳል ያልኩት ትናንት አልደረሰም። አድራሹ ሄዶ ደወል አላገኘም። በብዙ የጀርመን ሕንጻዎች ውስጥ ያሉት አፓርታማዎች የየራሳቸው ቁጥር የላቸውም፤ አድራሹ የሚፈልገው በሩ ላይ ካሉት ደወሎች መካከል የተጻፈውን ስም ነው። የመጀመሪያውን ጭነት በእናቲቱ ስም ልኬ ነበር። ሁለተኛውን ግን «ለሙሽራዋ» ይሁን ብዬ፣ አክብሮት መስሎኝ፣ በልጅቷ ስም ላክሁት። በዚያ ደወል ላይ ስሟ የለም። ስልኩም የኔ የአዲስ አበባ ቁጥር ነበር።

ትናንት ማታ ክትትሉ ላይ እንዳየሁ፣ ሳይጠይቁኝ ደወልኩ። «ስሙን የሳትኩት እኔ ነኝ። ካርቶኑ ሰፈራችሁ ካለው የዕቃ መቀበያ ሱቅ ገብቷል፤ ነገ ጠዋት ልጅቷ መታወቂያዋን ይዛ ብትሄድ ታገኘዋለች» አልኳቸው። ሁለተኛው ይቅርታ ከዚህ አልረዘመም። ዛሬ ጠዋት ወሰደችው። ቃል ከገባሁበት አንድ ቀን ዘግይቷል።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

ትናንት ሠርጉ ተፈጽሟል። ዛሬ ጠዋት ፎቶግራፍ ላኩልኝ፤ አምስቱ ሚዜዎች በአንድ መስመር ቆመዋል። አጉልቼ አየሁ። ሁለቱ የትኞቹ እንደሆኑ እኔም ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ቀሪውን 70,000 ብር ሰኞ እንደሚልኩም ጽፈዋል።

ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ከእህቴ ጋር ከፈትን። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፋል፤ የወሩ ስም በፊደል እንጂ በቁጥር አይሆንም። ቀኑን ከመዘገብን በኋላ ለደንበኛው በጽሑፍ መልሰን እንልከዋለን፤ «ልክ ነው» የሚል መልስ ካልመጣ ድር አይዘረጋም። የተቀባዩ ስም «በበሩ ደወል ላይ እንደተጻፈው» የሚል አምድም ገብቷል። የክሩ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ በፊትም የተነጋገርንበት ነው፤ እህቴ በዝምታ አየችኝ፣ እኔም አምዱን ጨመርኩ።

ከዚያ ያልተላኩትን ትዕዛዞች አንድ በአንድ አየናቸው። አምስተኛው ላይ ቆምን። ስቶክሆልም ያለች እናት ለልጇ ልደት ሁለት ቀሚስ አዝዛለች፤ መዝገቡ «ነሐሴ 9» ይላል። የድምፅ መልእክቷን ከፈትኩ። «ኦገስት ዘጠኝ፣ ቅዳሜ ነው» ትላለች። ነሐሴ 9 ዓርብ ነው። ኦገስት 9 ደግሞ ነሐሴ 3 ነው።

ጨርቁ ተሸምኗል፣ ስፌት ብቻ ይቀረዋል። አሥራ ሦስት ቀን አለን። ደወልኩላት።